የማንኩሳው አቦሸማኔ

ፊታውራሪ ክንፈሚካኤል በማንኩሳ አጠገብ ሰፊ መሬት የነበራቸው፣ ከፍኖተ ሰላም እስከ ደምበጫ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። የሚፈሩት ክፉ ስለሆኑ አይደለም፤ አንዴ የተናገሩትን ስለማይመልሱ ነው። በ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ጥር ላይ፣ ዓባይነሽ የምትባል ጭሰኛቸው ባጠመደችው የግንድ ወጥመድ ዝንጉርጉር አውሬ ገብቶ አደረ። ፊታውራሪ በበቅሎ ደረሱ፣ በግንዶቹ ክፍተት አንዴ አጮለቁና «አቦሸማኔ ነው» አሉ። በቃ፣ አቦሸማኔ ሆነ።

«ኧረ ጌታዬ፣ ሁለት ፍየሎቼን የጨረሰ ነብር ነው» አለች ዓባይነሽ።

«አንቺ የት ታውቂያለሽ? እኔ አዲስ አበባ ደጅ ስጠና፣ እንዲህ ያለውን በሰንሰለት እንደ ውሻ ሲስቡት አይቻለሁ። ሰው አይነካም።»

ፊታውራሪ ደጅ የጠኑት አራት ዓመት ሙሉ ነበር፤ አንድም ቀን ከቤተ መንግሥቱ በር አላለፉም። አሁን ግን መንገዱ ተገኘ። ለማዳ አቦሸማኔ እየሳበ የመጣን ሰው የትኛው ዘበኛ ይመልሰዋል? ወዲያው በግቢያቸው ጥግ ከባሕር ዛፍ ግንድ አጥር አስተከሉ። ቁመቱ ከሰው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ክዳን ግን የለውም። «አቦሸማኔ እንደ ነብር አይወጣም» አሉ። ይህን ያሉት እውነት ነበር።

ከዚያ ቡሬ ወዳለው የቆዳ ነጋዴ ወደ ጠሃ መልእክተኛ ሰደዱ፤ ከቀይ ባሕረ አረብ ቆዳ የተሠራ የአንገት ማሰሪያ እንዲያመጣ።

ጠሃ ለስላሳ አንደበት ያለው፣ ሰው ሲያነጋግር መሬት መሬት የሚያይ ሰው ነበር። ወደ ቡሬ ከመመለሱ በፊት ድሬዳዋ ስምንት ዓመት ከአንድ የቆዳ ላኪ ዘንድ ሠርቷል፤ የነብርና የአቦሸማኔ ቆዳ እየለየ በየክምሩ ማስቀመጥ ሥራው ነበር። ላኪውም በግቢው አንድ አቦሸማኔ አስሮ ያኖር ነበርና ከነነፍሱም ያውቀዋል። ስለዚህ መልእክቱ ሲደርሰው ግራ ገባው። በጎጃም ነብር የገደለ ብዙ ሰው አይቷል፤ አቦሸማኔ ያመጣለት ግን አንድም ሰው የለም። ማሰሪያውን አሠርቶ፣ ከመጋዘኑ ሁለት ቆዳ ጠቅልሎ በበቅሎ ጭኖ ሄደ።

ሲደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወጥመዱን ስምንት ሰው በወሳንሳ ተሸክሞ አምጥቶ ከአጥሩ በር ጋር አጋጥሞታል። ጠሃ በክፍተቱ አየ። ከውስጥ፣ ግንድ የሚቆርጥ መጋዝ የመሰለ ድምፅ መጣ። ጠሃ ቀና አለና አጥሩን አየ፤ ክዳን የሌለው መሆኑን ሲያይ ሁለት እርምጃ ወደኋላ አለ።

«ማሰሪያው የታለ?» አሉ ፊታውራሪ።

«ይኸው ጌታዬ። ግን የሚበቃው አልመሰለኝም።»

«እንዴት?»

«አንገቱ ወፍራም ነው። እንዲህ ያለ አንገት የማውቀው በሌላ አውሬ ላይ ነው።»

ፊታውራሪ ጺማቸውን ያዙ። «ምን ለማለት ነው?»

ጠሃ መልስ በመስጠት ፈንታ ሁለቱን ቆዳ መሬት ላይ ዘረጋ። «እኔ ምንም አላልሁ፤ ቆዳው ይናገር። ይኸኛው የአቦሸማኔ ነው። ነጥቡን ይዩልኝ፤ ድፍን፣ ክብ፣ አንድ በአንድ፤ ቀለም የነካው ጣት የተጫነው ይመስላል። ይኸኛው የነብር ነው። ጀርባውና ጎኑ ላይ ያለው ድፍን ነጥብ አይደለም፤ ጥቁሩ ተቆራርጦ እንደ ቀለበት ዞሯል፣ መሀሉ ቡናማ ነው። አሁን እባክዎ ውስጥ ያለውን አውሬ ጎን ይዩት።»

ፊታውራሪ አጮለቁ። ብዙ ቆዩ። «ጨለማ ነው» አሉ።

«ፊቱስ ይታያል?»

«ፊቱ ይታያል። ዓይኑ አፍጥጦብኛል።»

«አቦሸማኔ ከዓይኑ የውስጥ ጥግ እስከ አፉ ዳር የሚወርድ ጥቁር መስመር አለው። ያለቀሰ ይመስላል። ይኸ መስመር አለው?»

ፊታውራሪ እንደገና አዩ። የለም። ግን አንዴ ተናግረዋልና «ይህ ገና ልጅ ነው፤ እንባው ሲያድግ ይወጣል» አሉ።

«ጌታዬ፣ እነሱ ግልገል ሳሉም አላቸው።»

«ሁለት ፍየል በልቶ ምን ሆኖ ያለቅሳል?» አለች ዓባይነሽ ከኋላ። ሰው ሁሉ አፉን በነጠላው ሸፈነ።

የሳቁ ነገር የጠሃን ሥራ አበላሸው። ብቻቸውን ቢሆኑ ፊታውራሪ ምናልባት ይሰሙ ነበር። አሁን ግን ፊታቸው ቀላ። ጠሃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠጋ አላቸው።

«አንድ ነገር ብቻ ላክል። አቦሸማኔ እግሩ ረጅም፣ ወገቡ ቀጭን፣ ራሱ ትንሽ ነው፤ ለሩጫ የተፈጠረ። ጥፍሩም እንደ ውሻ ጥፍር ሁልጊዜ ውጭ ነው። ይህ እግሩ አጭር፣ ትከሻው ወፍራም ነው፤ ፍየል በጥርሱ ይዞ ዛፍ ላይ የሚወጣ። ቢያንስ ክዳን ያሠሩለት፤ ከዚያ ስሙን እንደወደዱ ይጥሩት።»

«ክዳን ካሠራሁማ ነብር ነው ማለቴ አይደለም?» አሉ ፊታውራሪ። «ክፈቱ!»

የወጥመዱ መዝጊያ በገመድ ተሳበ። አውሬው ወደ አጥሩ ውስጥ ዘለቀ፤ በሩ ተዘጋ፤ ሰዎቹ ባዶውን ወጥመድ ወደኋላ ጎትተው፣ መዝጊያውን በእንጨት ደግፈው ተዉት። ፊታውራሪ ማሰሪያውን በእጃቸው ይዘው በክፍተቱ እያዩ «አያችሁ? ጭምት ነው» አሉ።

ጭምቱ አጥሩን አንድ ጊዜ ዞረ። ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። ከዚያ እንደ ድመት ግንዱን ቧጥጦ፣ በሁለት እርምጃ አጥሩ ጫፍ ላይ ጉብ አለ። ቀኑ ፀሐያማ ነበርና ጎኑ ወለል ብሎ ታየ፤ ቀለበት በቀለበት።

ከዚያ በኋላ ማን ወዴት እንደሮጠ የሚያውቅ የለም። ወሳንሳ ተሸካሚዎቹ ማድ ቤት ገቡ። ዓባይነሽ ጎተራ ውስጥ ዘለለች። ጠሃ ሁለቱን ቆዳ ለብሶ መሬት ላይ ተኛ። ነብሩ ወርዶ ማንንም ዞር ብሎ ሳያይ ግቢውን አቋረጠ፣ የታጨደውን የጤፍ ማሳ አለፈና ወደ ወንዙ ገደል ገባ።

ሰው ቀስ በቀስ ብቅ ብቅ አለ። ፊታውራሪ ግን የሉም። ሚስታቸው ወይዘሮ አስካለ ማርያም «በላብኝ!» ብለው ሊጮኹ ሲሉ፣ ከወጥመዱ ውስጥ ሳል ተሰማ። ፊታውራሪ በጉልበታቸው ድኸው ገብተው ድጋፉን በእግራቸው ገፍተውት፣ መዝጊያው ወርዶ ዘግቶባቸዋል። ከውስጥ የሚከፈት አይደለም።

ጠሃ አጎንብሶ በክፍተቱ አየ።

«ሄደ?» አሉ በሹክሹክታ።

«ሄዷል ጌታዬ።»

«ሰው ጎዳ?»

«ማንንም አልነካም፤ አልሐምዱሊላህ።»

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «ጠሃ፣ ነብር ነው።»

«ነው ጌታዬ።»

«እንግዲያ አውጣኝ። እነዚያ ሳይቀርቡ አውጣኝ።»

ግን እነዚያ ቀርበው ነበር፤ መዝጊያውን ለማንሣት አራት ሰው ያስፈልጋልና። ፊታውራሪ እንደ ገቡት በጉልበታቸው ወጡ፤ ቁምጣቸው ከወጥመዱ ማባበያ ሥጋ የቀረ የፍየል ጠጉር ይዟል። ሁሉም የሚሉትን ለመስማት ቆመ። እርሳቸው ልብሳቸውን አራገፉና፣ በአርባ ዓመታቸው ማንም ከአፋቸው ሰምቶ የማያውቀውን ተናገሩ፦ «ተሳስቻለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ዓባይነሽ እንኳ አልሳቀችም።

ጠሃ በክርስቲያን እጅ የታረደ ሥጋ እንደማይበላ ስለሚያውቁ፣ ወይዘሮ አስካለ ማርያም ነጭ ማርና ቆሎ አቀረቡለት። ፊታውራሪ አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ጠሃ ድሬዳዋ ላኪው ግቢ ስለነበረው አቦሸማኔ ሲያጫውታቸው፣ የአቦሸማኔውን ቆዳ በመዳፋቸው ዳበሱት።

«ያ የድሬዳዋው ድምፁ እንዴት ነበር? ይጮኻል?»

«አይ ጌታዬ፤ እንደ ወፍ ነው የሚንጫጫ።»

«አትዋሸኝ።»

«ወላሂ፤ እንደ ጫጩት።»

ፊታውራሪ ሳቁ፤ መጀመሪያ በአፍንጫቸው፣ ኋላ ሆዳቸውን ይዘው። «እስቲ አንተው አሰማኝ» አሉ። ጠሃ ከንፈሩን ከማሩ ጠረገና፣ መሬት መሬት እያየ፣ ለፊታውራሪ ክንፈሚካኤል እንደ አቦሸማኔ ይንጫጫላቸው ጀመር።