ጎን ለጎን

የዶርሙ ልጆች «ፕሮፍ» የሚሏት ያለ ምክንያት አልነበረም። የኤሌክትሪክ ጥያቄ ሲመጣ እሷ ሳትነካው የሚያድር የለም። ፈተና ሲደርስ አልጋዋ መማሪያ ክፍል ይሆናል፤ እሷም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ይህን ትወደው ነበር።

የክፍል ጓደኛዋ ሳቂታ ግን ማስጠንቀቂያ ላይ ነበረች። የኤሌክትሪኩን ኮርስ ከወደቀች ትባረራለች። በፈተናው ዋዜማ «ሲሪስና ፓራሌልን በምን ልለያቸው?» ብላ ጠየቀቻት። ፕሮፍ የራሷ ጥናት አሳስቧት ቀና እንኳ አላለችም።

«ጎን ለጎን ከተሳሉ ፓራሌል፣ ተከታትለው ከተሳሉ ሲሪስ። በቃ!»

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ የዚህችን ችኮላ የለቀመችው ግን ሌላ ሰው ናት።

ሳቂታ ወደቀች። ወረቀቷን ለማየት ወደ መምህሩ ቢሮ ስትሄድ ፕሮፍን «አይዞሽ በይኝ» ብላ ይዛት ሄደች። መምህሩ ትልቁን ጥያቄ አወጡ። ባለ ስድስትና ባለ ሦስት ኦም ሬዚስተሮች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የአንዱ የላይ ጫፍ ከባትሪው አንድ ጫፍ፣ የሌላው ከባትሪው ሌላ ጫፍ ጋር ተያይዟል፣ ታች ግን እርስ በርስ ተገናኝተዋል። ባትሪው አሥራ ስምንት ቮልት ነው።

«በአንዱ ወርዶ በሌላው ይወጣል እንጂ ከረንቱ የሚከፈልበት መጋጠሚያ የት አለ?» አሉ መምህሩ። «ሲሪስ ነው። ድምሩ ዘጠኝ ኦም፣ ከረንቱ ሁለት አምፔር። በሉፑ ዙሪያውን ብትዞሪ አሥራ ሁለትና ስድስት ቮልት፣ አሥራ ስምንት ይሞላልሻል። አንቺ ሁለት ኦም ብለሽ ዘጠኝ አምፔር አወጣሽ። ፓራሌል ነው ያለሽ ማነው?»

ፕሮፍ ደሟ ፊቷ ላይ ወጣ። እሷ ራሷ ይህን ጥያቄ መጋጠሚያዎቹን በጣቷ እየተከተለች በትክክል ሠርታዋለች።

«ማንም አላለኝም፣ ቲቸር» አለች ሳቂታ። «እኔው ነኝ የተምታታብኝ።»

ፕሮፍ አፏ ውስጥ የነበረውን ቃል ዋጠችው። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። መሬት ግን እንዲህ ላለው ሰው አትከፈትም።

ሳቂታ ልብሷን ሻንጣ ውስጥ ስትከት ፕሮፍ ዚፑን ይዛላት ቆማ ነበር። እፍረቱ እንባዋን ስላመጣው ዚፑ አልታይ አላት። ሳቂታ ይህን እንደ ሐዘን የቆጠረችው መሰለች፤ አቅፋ ሳመቻት።

«አታልቅሺ እንጂ! ይልቅ ታናሽ እህቴን አደራ። አንደኛ ዓመት ናት፣ ይሄ ኮርስ ይጠብቃታል። እኔም ባዶዋን አልተውኳትም፤ ያን ያንቺን አባባል ነግሬያታለሁ፤ ጎን ለጎን ከተሳሉ ፓራሌል።»

ፕሮፍ ዚፑን ለቀቀችው።

«ስህተት ነው» አለች። «ቢሮው ውስጥ ማለት ነበረብኝ። እኔ ነኝ በስህተት ያስጠናሁሽ።»

ሳቂታ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ አየቻት።

«አውቃለሁ» አለች። «እዚያው ቢሮው ውስጥ ነው የገባኝ። ለእህቴም አልነገርኳትም። እስክትናገሪ እየጠበቅኩሽ ነበር።»