ያለ ምንም መሣሪያ

«ማዕዘንን ወረቀት በማጠፍ፣ ያለ ምንም መሣሪያ ማስተማር» በሚለው ሥልጠና መሀል መብራት ሄደ። ፕሮጀክተሩ ሲጠፋ አሠልጣኙ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ።

«ያለ ስላይድ በምን ላሳያችሁ?»

የስድስተኛ ክፍል ሒሳብ አስተማሪዋ በሆዷ ሳቀች። ይኼ ሰውዬ ማጠፍ የሚያውቀው እጁን ብቻ ነው! የሥልጠናውን ፕሮግራም አንሥታ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ እንዳይኖረው ዳር ዳሩን ቦጫጨቀችው። አንዴ አጠፈችው፤ ከዚያ የእጥፋቱን መስመር በራሱ ላይ ገጥማ ደገመችው።

«ይኸው ዘጠና ዲግሪ።»

«በፕሮትራክተር ሳይለካ?» አለ አሠልጣኙ ቆጣ ብሎ።

ወደ በሩ ሄዳ ጎንበስ አለችና የታጠፈውን ጥግ መቃኑና ደፉ የሚገናኙበት ላይ ገጠመችው። ልክክ አለ።

«በሩም ዘጠና ነው፣ ጌታዬ። መብራት ባይኖርም መውጫው አይጠፋዎትም።»