የአስናቀ ስልሳ አራት ሰዓት

የሰው ኃይል ኃላፊዋ ሐረገ ወይን የተናደደች ለት ድምፅዋ ዝቅ ይል ነበር። መካነ ኢየሱስ ባለው የገበሬዎች ዩኒየን የጥራጥሬ ማበጠሪያ የሚሠሩ ሁሉ ይህን ጠባይዋን ያውቁታል። በዚያ የኅዳር ሐሙስ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገብታ በሩን ስትዘጋ ከውስጥ ምንም ስላልተሰማ፣ ደጅ ላይ ጆንያ የሚሰፉት ሴቶች እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ጻፊ ያልኩሽን ደብዳቤ አመጣሽ?» አለ አቶ ከፍያለው፣ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ።

«አልጻፍኩም። አልጽፍምም።»

ስልኩን ዘጋው።

ደብዳቤው የአስናቀ ስንብት ነበር። አስናቀ የማበጠሪያ ማሽኑን ከሚያንቀሳቅሱት አንዱ ሲሆን፣ አባቱ አያ ይታየው ከወገዳ ወዲያ ገብስ የሚያርሱ ሽማግሌ ናቸው። ዘንድሮ ወገባቸውን ታመሙ፤ ማጭድ ይዘው ጎንበስ ማለት አቃታቸው። ከአስናቀ በቀር ወንድ ልጅ የላቸውም። እናም ልጁ አዝመራውን ሊሰበስብላቸው የሁለት ሳምንት ፈቃድ ጠይቆ፣ ሐረገ ወይን ፈርማለት፣ ሄደ። ሥራ አስኪያጁም በፊርማው አጽድቆት ነበር።

በሄደ በሰኞው ግን ከባቄላ ገዢ ትልቅ ትእዛዝ መጣ። አቶ ከፍያለው ሠራተኛውን ሰብስቦ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ሥራ በሳምንት ስድስት ቀን ነው» አለ። ገሚሱ መጣ፤ ገሚሱ እንደ አስናቀ አዝመራ ላይ ነበር።

«ልጁ ከትናንት ጀምሮ ቀሪ ነው» አለ አሁን። «ሒሳብ የምታውቂ መስሎኝ ነበር። የተጠራቀመለት ሰዓት ስንት ነው?»

«ስልሳ አራት።»

«ስልሳ አራት በስምንት ሲካፈል ስምንት ቀን። ያለፈው ሳምንት ስድስት ቀን፣ የዚህ ሳምንት ሰኞና ማክሰኞ። አለቀ! ረቡዕ ያለፈቃድ ቀረ፣ ዛሬም ቀረ። እንዲያውም እውነቱን ልንገርሽ፣ ሁሉም የዩኒየኑ ባለዕዳ ናቸው። ከሰኔ ጀምሮ በሳምንት ሠላሳ ሁለት ሰዓት እየሠሩ የአርባ ሰዓት ደመወዝ ይበላሉ።»

ሐረገ ወይን ቁጭ አላለችም። ይህን ውል ከሦስት ዓመት በፊት ሠራተኛውን አንድ በአንድ አስረድታ ያስፈረመችው እሷ ናት። ማበጠሪያው እህል የሚበዛለት ገበሬው ወቅቶ ሲጨርስ፣ ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር መጋዘኑ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ እህል በሚበዛበት ግማሽ ዓመት በሳምንት ስድስት ቀን፣ አርባ ስምንት ሰዓት፤ በቀሪው ግማሽ ዓመት ከሰኞ እስከ ሐሙስ፣ ሠላሳ ሁለት ሰዓት ይሠራል። ተደምሮ ለዓመቱ ሲካፈል በሳምንት አርባ ይመጣል፤ ደመወዙም ክረምት ከበጋ ሳይዋዥቅ በአርባው ይከፈላል።

«ዕዳ አይባልም» አለች ቀስ ብላ። «ፕሮግራሙ ሠላሳ ሁለት ካለ፣ ሠላሳ ሁለት የሠራ ሰው የሚጠበቅበትን ሠርቷል። ዕዳ የሚሆነው ከፕሮግራሙ ሲያጎድል ነው። ታኅሣሥ ሲገባ አርባ ስምንት ሠርተው የምንከፍላቸው ያው የአርባውን ነው። ያኔስ እርስዎን ባለዕዳ ይበሉዎት?»

«እኔን በቃላት አትጠምዝዢኝ።»

«የልጁ ስልሳ አራት ሰዓት ደግሞ ከፕሮግራሙ በላይ የሠራው ነው። መጋቢትና ሚያዝያ፣ ሌላው አርባ ስምንቱን ጨርሶ ሲወጣ፣ እርስዎ ራስዎ "ቆይልኝ" እያሉት ያመሸበት። ሰኔ መጨረሻ ላይ ወደ አዲሱ የበጀት ዓመት አስተላለፍነው። እስከ ኅዳር ሠላሳ ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። ፈቃድ ሲጠይቅ በሥራ ላይ የነበረው ፕሮግራም በሳምንት አራት ቀን ነው። ሁለት ሳምንት ስምንት የሥራ ቀን፣ ስልሳ አራት ሰዓት። ልክክ አድርጎ ነው የጠየቀው።»

«ፕሮግራሙን ቀይሬዋለሁ አልኩሽ!»

«ለመቀየር የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ያስፈልጋል። ዛሬ ተናግሮ ዛሬ የለም። የጸደቀ ፈቃድ ላይ ደግሞ ወደ ኋላ አይሠራም። ዐርብና ቅዳሜ ለአስናቀ የሥራ ቀን አልነበሩም፤ ካልነበሩ ደግሞ ከሰዓት ቁጠባው አይቀነሱም። ይሁን፣ እርስዎ እንዳሉት ሁለት ቀን ቀረ እንበል። ለሁለት ቀን ማስጠንቀቂያ እንጂ ስንብት የት አገር አዩ?»

አቶ ከፍያለው ወደ መስኮቱ ዞረ። ደጅ ላይ የገዢው መኪና ግማሽ ጭኖ ቆሟል።

«አስደውዬለታለሁ» አለ።

«ምን ብለው?»

«ነገ ካልገባህ ተሰናብተሃል በሉት ብያለሁ። ትናንት ኔትወርክ ሲይዝለት አግኝተው ነግረውታል። እንግዲህ ፈርቶ ይመጣል።»

ያኔ ነው ነገሩ ለሐረገ ወይን የገባት። ሰውየው ሒሳብ አልተሳሳተም። ሒሳቡንም ውሉንም አሳምሮ ያውቃል። የሚፈልገው ማሽኑ ላይ ሰው ብቻ ነው፤ ሒሳቡን ለዱላ ነው ያነሳው።

ትታው ወጣች። ወደ አስናቀ ብትደውል ስልኩ አልሠራም፤ አያ ይታየው ደጅ ኔትወርክ የሚገኘው ኮረብታ ሲወጣ ነው። ስለዚህ ሥራዋን ጥላ የዩኒየኑን ሊቀ መንበር ፍለጋ ሄደች። ሊቀ መንበሩ ራሳቸው ገበሬ ናቸው፤ አውድማቸውን በእበት ሲያስለቀልቁ ደረሰችባቸው። ነገሩን ሰምተው፣ «በአዝመራ?» አሉ። «ሰው ከአዝመራ ይጠራል?» በማግስቱ ጠዋት ቢሮው እገኛለሁ ብለው ቃል ገቡላት። ተመስገን ብላ ተመለሰች። ያ ምሽት ግን ሰማዩ ሳይጠበቅ ጠቆረ፤ ሌሊቱን ዘነበ።

ዐርብ ጠዋት ሊቀ መንበሩ መጡ። አቶ ከፍያለውን ውሉ ላይ አስቀምጠው ብዙም ሳይናገሩ አስነበቡት። ስንብቱ ተነሣ። ስድስት ቀኑም ማስታወቂያው ሳይሞላ አይሆንም ተባለ፤ በዐርብና በቅዳሜ ፈቅዶ ለሠራ የሠራው ሰዓት በቁጠባው ይመዝገብለት፣ ያልመጣ አይጠየቅ። አቶ ከፍያለው ጥርሱን ነክሶ ፈረመ።

በዚህ መሐል አስናቀ በሩ ላይ ቆመ። እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ከቤቱ ወጥቶ፣ ወገዳ መኪና አጥቶ ውሎ፣ በኋላ በአይሱዙ ጆንያ ላይ ተጭኖ ሌሊቱን በዝናብ ሲደበደብ ያደረ ነበር።

«እንኳን ደህና መጣህ» አለው አቶ ከፍያለው፣ ነገሩን ለማቅለል እየሞከረ። «አልተሰናበትክም። የሐሙሱን የመንገድ ቀን ደግሞ እንደ ሥራ እንቆጥርልሃለን፤ ስምንት ሰዓት ወደ ቁጠባህ ይመለስልሃል።»

አስናቀ አላየውም። ወደ ሐረገ ወይን ዞረ። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ሳይላት አነጋግሯት አያውቅም።

«አንቺ አይደለሽ ያስፈረምሽኝ?» አላት።

«አስናቀ...»

«"ይህ ሰዓት የራስህ ነው፣ እንደ ጎተራ እህል ነው፣ በቸገረህ ቀን ታወጣዋለህ" አላልሽም? ሚያዝያን ሙሉ ጨለማ ለጨለማ የገባሁት ለዚህ ነው። ግማሹን አጭጄ አልከመርኩትም፤ መሬት ላይ እንደ ተኛ ነው። ግማሹ ቆሟል። ዝናቡ ሲጀምር እኔ መኪና ላይ ነበርኩ። አባቴ እየዳኸ ሊያነሣው ወጥቶ ይሆናል። ስምንት ሰዓት ይመለስልሃል ትሉኛላችሁ። ለመቼ? ታኅሣሥ ገብቶ ሊቃጠል? ሰዓቱን መለሳችሁ፤ ደረቁን ቀን መልሱልኝ!»

ሊቀ መንበሩ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። ሐረገ ወይን «እኔ እኮ ተሟግቼልሃለሁ» ልትል ከንፈሯ ተላቀቀ፤ አፈረችና ዋጠችው። መሟገቷ ገብሱን አላነሣውም።

«ዛሬ ዐርብ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ሊሰማ እስኪቸግር ዝቅ ብሎ። «በፕሮግራሙ የሥራ ቀን አይደለም። እስከ እሑድ ማንም ሊጠራን አይችልም።»

ደጅ ወጥታ ለሠራተኛው ነገረችው። አልለመነችም፤ የሆነውን ብቻ ተናገረች። መጀመሪያ ጽዮን፣ ጆንያ ከሚሰፉት ሴቶች አንዷ፣ መርፌዋን ጆንያው ላይ ሰክታ ተነሣች። ከዚያ ሌሎቹ። አቶ ከፍያለው፣ «መኪናው ቆሟል እኮ! ሰዓቱን በእጥፍ እመዘግብላችኋለሁ!» እያለ ተከተላቸው።

«መዝግበው ይያዙት» አለችው ጽዮን። «ለእርስዎ ይሁንዎት።»

በኮንትራት መኪና ወገዳ ሲደርሱ መሽቶ ነበር፤ ቅዳሜ ማለዳ በእግር ማሳው ደረሱ። መሬት ላይ የተኛው ገብስ ጠቁሯል፤ አንዳንዱ ነዶ ከሥር ሞቆ ሽታው ይከረፋል። የቆመውም ተጋድሟል። አያ ይታየው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እጃቸው ጭቃ ነው። ልጃቸው እንደፈራው ዝናቡ ውስጥ ገብተው ጥቂት ነዶ እየጎተቱ ወደ ዳገት አውጥተዋል። ከዚያ ወገባቸው አልታዘዘም።

እንግዶቹን አይተው ለመነሣት ሞከሩ። «ኑ ግቡ፣ ቤት ግቡ» አሉ። «የሚቀመስ አይጠፋም።»

«አይ፣ አያ። ማጭድ ካለ ነው የምንፈልገው» አለች ሐረገ ወይን።

ነዶውን እየፈቱ ፀሐይ ላይ በተኑት፣ የተጋደመውን ደግሞ አጨዱ። እሑድን አላጨዱም፤ የአያ ይታየው ደጅ ሰንበት ይከበራል። ሰኞ ሥራ ስለሆነ እሑድ ከሰዓት ተነሡ። ከገብሱ የዳነው ከግማሹ አይበልጥም፤ ከዳነውም ለዘር የሚሆነው ተመርጦ ነው። አስናቀ ግን ቀረ። የተመለሰለትን ስምንት ሰዓት ለሰኞ ጠየቀ፤ ሐረገ ወይን ማሳው ዳር በስልኳ ጽፋ፣ ኮረብታው ላይ ወጥታ ለሥራ አስኪያጁ ላከችው። መልስ እስኪመጣ እዚያው ጠበቀች። መልሱ አንድ ቃል ነበር፤ «ጸድቋል።»

ይህ ቃል ይበልጥ አናደዳት። ረቡዕ ዕለት አፉ ውስጥ ቢኖር ኖሮ የሰው ዓመት ባልጠፋ።

«ጸድቋል» አለችው አስናቀን፣ ወደ ማሳው ተመልሳ።

አስናቀ ራሱን ነቀነቀ፤ አላመሰገናትም። እርጥብ ነዶ አንሥቶ በትከሻው ላይ ጫነና ወደ አባቱ ሄደ። እሷም ከሌሎቹ ጋር ቁልቁለቱን ወረደች። መንገዱን ሁሉ፣ የጸደቀን ፈቃድ ማንም በአንድ ስልክ እንዳይሽር የሚከለክል አንቀጽ በልቧ ቃል በቃል ትጽፍ ነበር። ሰኞ ጠዋት አቶ ከፍያለው ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች። ካልፈረመ፣ ታኅሣሥ ሲገባ ማሽኑን ራሱ ያንቀሳቅስ።