ሰንበሩ የማን ነው

ሃያ ሁለት ዓመት መስታወት ጠርጌያለሁ። ባንክ ጠርጌያለሁ፣ ትምህርት ቤት ጠርጌያለሁ፣ ጎባ ፎቶ ቤት ሳይቀር ጠርጌያለሁ። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ፈለቀች፣ መስታወትሽ አልጠራም» ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ያደረግኩትን ስትሰሙ እንዳይገርማችሁ ነው።

አሁን የምሠራው ሮቤ፣ ወደ ጎባ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ ሆቴል ነው። ምግብ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ዘጠኝ ትልልቅ መስታወቶች አሉት፤ ከዚያ ተቀምጦ ማሳውንም ተራራውንም ማየት ነው። ሰው ለጥብሱ ብቻ አይደለም የሚወጣው፣ ለማየትም ነው። ታዲያ ኅዳር ላይ መንገዱን ቆፈሩት። አቤት አቧራ! በወንፊት የተነፋ ዱቄት በሉት። መኪና ባለፈ ቁጥር ይነሳል፣ መስታወቱ ላይ ይለጠፋል፣ የተዘጋ መስኮት እንኳ አያግደውም።

በዚያው ወር ሴና ተቀጠረች። ከአንገቱ ከተማ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ሥራ የማትፈራ ልጅ ናት። እኔ ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ቆሜ የባሌ ደጋን ነፋስ አልችልም፤ ስለዚህ ውጭ ውጩን እሷ፣ ውስጥ ውስጡን እኔ ያዝን። እና ከዚያ ወር ጀምሮ መስታወቱ ሰንበር አወጣ። ጠርገነው ስንወርድ ደህና ይመስላል፤ በማግስቱ ፀሐይ ሲያርፍበት አለንጋ ያረፈበት ጀርባ ይመስላል።

ሰኞ ዕለት ሥራ አስኪያጃችን ጃርሶ ጠራኝ። እናቱን ስለማውቃት አንተ ነው የምለው፤ እሱ ግን እርስዎ ይለኛል።

«እትዬ ፈለቀች፣ ቅዳሜ ከጊኒር የሠርግ ሽማግሌዎች አዳራሹን ሊያዩ ይመጣሉ። ይሄን መስታወት አይተው የሚመለሱ ይመስለኛል። ከማን ነው ጥፋቱ?»

«አቧራው በየት በኩል ነው የሚመጣው? በውጭ አይደለም?» አልኩት። «የሴና ነው።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እኔን ነው የምትጠይቀኝ?»

እሱም እስከ ዓርብ ካልጠራ ሴናን እንደሚያሰናብታት ነገረኝ፤ የሙከራ ጊዜዋ ገና አላለቀም ነበር። የቤት ኪራይዋንም የማታ ትምህርቷንም የምትከፍለው ከዚህ ሥራ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ቃሌን አልመለስኩም።

ማክሰኞ ጠዋት ልይዛት ፈለግኩ። ተደብቄ ስትሠራ አየኋት። መጀመሪያ በለስላሳ ብሩሽ ደረቁን አቧራ አራገፈችው፤ አቧራን በእርጥብ ጨርቅ ብትጀምሩት ጭቃ ነው የምታደርጉት፣ አሸዋው ደግሞ መስታወቱን ይጭረዋል። ከዚያ ብዙ ውሃ ለቀቀችበት። ሳሙናው ጠብታ ብቻ ናት፤ የብዙዎቻችን ጥፋት ኦሞ ማብዛት ነው፣ አረፋው ሲደርቅ ራሱ ነጭ ሆኖ ይቀራል። ከዚያ እጀታ ባለው ላስቲክ ውሃውን ጠረገችው፣ በጠረገች ቁጥር የላስቲኩን ከንፈር በጨርቅ አደረቀችው። ፀሐዩ ሳይደርስ ነው ይሄ ሁሉ። የሚወጣላት እንከን አጣሁ። አጥቼም ተናደድኩ፣ ተናድጄም ነገሩ አንገበገበኝ። እንዲህ ከተጠረገ ሰንበሩ ከየት ይመጣል?

ጎባ ፎቶ ቤት ሳለሁ ባለቤቱ ያስተማረኝ አንድ ዘዴ ነበር። ጠራኋት።

«ሴና! ከዛሬ ጀምሮ አንቺ ከግራ ወደ ቀኝ ጥረጊ፣ እኔ ከላይ ወደ ታች። ሰንበሩ የተኛ ከሆነ ከውጭ ነው፣ የቆመ ከሆነ ከውስጥ።»

«ዋዮ! ፖሊስ ሆኑ እንዴ እትዬ?» ብላ ሳቀች። ጃርሶ ስለ ዓርብ ምንም አልነገራትም ነበር። እኔም አልነገርኳትም።

ሁለታችንም እንደተባባልነው ጠረግን። እኔ እንደ ወትሮዬ እርጥቡን ጨርቅ አስቀድሜ በደረቁ አሳረግኩ።

ረቡዕ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ማንም ሳይገባ ደረጃውን ወጣሁ። ፀሐይዋ ገና ብቅ ማለቷ ነው። ሰንበሮቹ ዘጠኙም መስታወት ላይ ተደርድረዋል። ከላይ ወደ ታች። ቀጥ ብለው የቆሙ።

ልጅቷ ተንኮል ሠርታ ይሆናል ብዬ አሰብኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ጠጋ ብዬ ከውስጥ በኩል «ሃ» ብዬ ተነፈስኩበት። እስትንፋሴ መስታወቱን ሲያደበዝዘው ሰንበሩ በመሀሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ። በረንዳ ወጥቼ ከውጭም ተነፈስኩ፤ ምንም የለም፣ እኩል ደበዘዘ፣ እኩል ጠፋ። የእኔ ነው። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ፤ ለካ እኔን ነው!

እዚህ ላይ ወርጄ ለጃርሶ መንገር ነበረብኝ። አልነገርኩም። ለራሴ «ምክንያቱን ሳላውቅ ምን ብዬ?» አልኩ። ግማሹ እውነት ነው፤ ምክንያቱን ለማወቅ ጓጉቼ ነበር። ግማሹን ተዉት።

አንደኛውን መስታወት ያለ ሳሙና በንጹህ ውሃ ጠረግኩት፤ ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ሁለተኛውን ውሃው ላይ አቼቶ ጠብ አድርጌ ሞከርኩ፤ ያው ነው። ሦስተኛውን በአዲስ ጨርቅ፤ መጀመሪያ ደህና መሰለ፣ ጨርቁን ሁለት ጊዜ ከጨመቅኩት በኋላ ሰንበሩ ተመለሰ። አራተኛውን ባረጀ ጋዜጣ። ጋዜጣው እጄ ላይ ቀለሙን ለቀቀ፣ መስታወቱም ላይ ሰንበሩ ቀረ። ከውስጥ የሚጠረግ መስታወት ላይ፣ ንጹህ ውሃ ይዤ! ሌሊቱን ስገላበጥ አደርኩ።

ሐሙስ ሂሳብ ተቀባያችንን ሀይሚን ለመንኳት። ሀይሚ ጥፍሯን ተቀብታ የምትመጣ፣ ከወንበሯ መነሳት የማትወድ ናት።

«እትዬ፣ እኔ መስታወት? ጥፍሬስ?»

«አንዷን ብቻ። ስለ ማርያም።»

ከአንድ ባልዲ ውሃ ሰጠኋት፣ ከአንድ ጣቃ የተቀደደ ሁለት ጨርቅም ሰጠኋት። አምስተኛውን እሷ ጠረገች፣ ስድስተኛውን እኔ። ሥራውን አታውቀውም፤ ጨርቁን እንደ መሀረብ ነው የያዘችው። ስንጠብቅ ፀሐዩ መጣ። የሷ እንደሌለ ሆኖ ጠራ። የእኔ ሰንበር በሰንበር።

«ኧረ በስመአብ!» አልኩ። ውሃው አንድ፣ ጨርቁ አንድ፣ መስታወቱ አንድ። ታዲያ የተለየው ምንድን ነው?

ሀይሚ የደረቀ እጇን ስታሻሽ እጄን አየችው። «እትዬ፣ እጅዎ ግን እንዴት ያብለጨልጫል!»

ቫዝሊኑ ነው። ኅዳር ሲገባ የባሌ ደረቅ ነፋስና ቀዝቃዛ ውሃ እጄን ይሰነጥቀዋል፤ ደም እስኪወጣ። ስለዚህ ሁልጊዜ ጠዋት፣ ባልዲውን ከማንሳቴ በፊት፣ በደንብ አድርጌ እቀባለሁ። እንዲያውም ወፍራም አድርጌ፣ ውሃ እንዳይገባበት። ያን እጅ ይዤ ጨርቅ እጨምቃለሁ፣ ጨርቁ ቅባቱን ይጠጣል፣ እኔ ደግሞ ከላይ ወደ ታች መስታወቱን እቀባዋለሁ። ቅባቱ ላይ የዘንድሮው የመንገድ አቧራ ይለጠፋል። ንጹህ ውሃ ቅባት አያስለቅቅም፤ ለዚህ ነው ያለ ሳሙና ስሠራ የባሰበት። አውራ ጣቴን መስታወቱ ላይ ጫን አድርጌ አነሳሁት። የሚያብለጨልጭ የጣት ማህተም ቀረ። እያፈርኩም ደስ አለኝ፤ ደስታው አሳፈረኝ።

ዓርብ ማልጄ ገባሁ። ሳልቀባ። እጄን በሙቅ ውሃና በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ። የድሮ ጨርቆቼን ጥዬ በአዲሱ ጀመርኩ። ለብ ባለ ውሃ ላይ ጥቂት የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ጠብ አድርጌ ቅባቱን አስለቀቅኩ፣ በሌላ ንጹህ ውሃ ሳሙናውን አነሳሁ፣ በደረቅ ጨርቅ አሳረግኩ። ዘጠኙንም። ስጨርስ የቀኝ አውራ ጣቴ ተሰንጥቆ ደምቷል። ፀሐዩ ገባና መስታወቱ ላይ ምንም ሳያገኝ ወለሉ ላይ አረፈ።

ጃርሶ ቢሮ ስገባ ጠረጴዛው ላይ የታጠፈ ወረቀት አለ። የሴና ስም ተጽፎበታል።

«ያንን ቅደደው» አልኩት። «ሰንበሩ የእኔ ነበር። ከእጄ ቅባት ነው። ሴና ላይ የተናገርኩት ሐሰት ነው።»

«እርግጠኛ አልነበሩም እትዬ?»

«ነበርኩ። ተሳስቻለሁ። ሄደህ እይ።»

ወጥቶ አየ። ቆይቶ ተመለሰ፣ ወረቀቱን ለሁለት ቀደደው። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አለ፤ ሌላ አልጨመረም። ቢቆጣኝ እመርጥ ነበር። ከመውጣቴ በፊት ግን መጠየቅ ያለበትን ጠየቀኝ፦ «ሴና ታውቃለች?»

ምግብ ቤቱ ውስጥ አገኘኋት። ባልዲዋን አስቀምጣ መስታወቱን በአግራሞት ታያለች።

«አካም ቡልተን፣ እንደምን አደሩ እትዬ! ምን አደረጉት? የለም እኮ የሚመስለው!»

ነገርኳት። ስለ ቅባቱ ነገርኳት፣ ስለ እስትንፋሱ፣ ስለ ሀይሚ። እያደነቀች ሰማችኝ፤ መዳፌንም ይዛ አገላብጣ አየችው። «ሥራ ሲጨርሱ ይቀቡ እንጂ ሲጀምሩ አይቀቡ፤ የላስቲክ ጓንትም ይገዛልዎ» አለችኝ። ከዚያ ስለ ሰኞው ነገርኳት። ስለ ወረቀቱም።

እጄን ለቀቀችው።

ከታች ሲኖትራክ አለፈ፤ አቧራው ተነሳ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ? ሰንበሩ የእርስዎ መሆኑን ያወቁት ረቡዕ ነው። ዛሬ ዓርብ ነው። ምክንያቱን ባያገኙት ኖሮስ?»

ለሰው መልስ አጥቼ አላውቅም፤ ሠፈሩ በሙሉ ይመሰክራል።

«አላውቅም» አልኳት።

ሴና ራሷን ነቀነቀች። ብሩሿንና ባልዲዋን አንስታ ወደ በረንዳው ወጣች፣ ከመጀመሪያው መስታወት ማዶ ቆማ አዲሱን አቧራ ማራገፍ ጀመረች። ፊቷ እስከ ቅንድቧ ፀጉር ድረስ ይታየኝ ነበር። አንድ ጊዜም ቀና ብላ አላየችኝም።