የየት አሲዋጁ?

አንድ ሰው ስንት ማዕረግ ሲጠራለት ነው ተከበረ የሚባለው? ከስንተኛው በኋላስ ነው እየተቀለደበት ያለው? ማንም አልመለሰልኝም፤ እኔም አላውቀውም። ያን ሰሞን ግን እህል አላስበላ ያለኝ ይኸው ነበር፤ የልጅ ልጄ የኢቢሮንኬ እንጀራ በዚህ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና።

ኢቢሮንኬ በአገራችን በኢላሮኮ ምክር ቤት የመድረክ አስተዋዋቂ ሆና በጊዜያዊነት ገብታለች። አለቃዋ፣ የሥነ ሥርዓት ኃላፊው አቶ ፋሳንሚ፣ አዲሱ አዳራሽ በሚመረቅበት ቀን የክብር እንግዳውን ኮሚሽነር በደንብ ካስተዋወቀች ቋሚ እንደሚያደርጋት፣ ካበላሸች ደግሞ ሌላ ሰው እንደሚፈልግ ነገራት። ከእሷ በፊት የነበረው ሰውዬ የተባረረው በዚሁ ነው። እንግዳውን በጠራው ቁጥር ማዕረጉን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ይደግመው ነበር። በመጨረሻው ጊዜ ከኋላ አንዱ «በቃ፣ አወቅነው» ብሎ ሕዝቡን በሳቅ ገደለው፤ እንግዳውም ጫማውን ሲያይ ዋለ። እና አቶ ፋሳንሚ ኢቢሮንኬን ያዘዛት አንድ ነገር ነው፦ አሳጥሪ።

እኔ ደግሞ ማሳጠር ያስፈራኛል። ሰው ከትምህርት ቤትም ከንጉሥ ደጅም ለፍቶ ያገኘውን ማዕረግ በምን አንጀቷ ትቆርጠዋለች? የሚመጣው ኮሚሽነር አዴካንምቢ ክቡር ነው፣ ኢንጂነር ነው፣ ዶክተር ነው፤ ነገሥታት በሸለሙት የክብር ማዕረግ ደግሞ አሲዋጁም ነው፣ ኦቱንባም ነው። ሁሉንም በይ አልኳት። ቦዬ እየላጥኩ አልኳት፣ ልብስ እያጠብኩ አልኳት፣ በር ላይ ይዣት አልኳት።

«እማማ፣ ይህ እኮ የዕቃ ቆጠራ አይደለም» አለችኝ።

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። በመጀመሪያ ንጉሡ ሰላም ይባላሉ። ቀጥሎ የእንግዳው ሹመት ይጠራል፤ ለዚያ ቀን ያስጠራው ሹመቱ ነውና። ከሹመቱ በኋላ አንድ የሙያ፣ አንድ የክብር ማዕረግ፤ ስሙ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ ጭብጨባው በስሙ ላይ እንዲያርፍ። ስሙን ካሉ በኋላ ዝም ነው። ሙሉው አንዴ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ «ክቡር ኮሚሽነሩ» ይበቃል። የቀሩት ባለማዕረጎች ደግሞ «ሁላችሁም እንደየክብራችሁ እንደተጠራችሁ ይቆጠር» ተብለው ይታለፋሉ። ነገሩ ሲሰማ ያምራል። እኔ ግን የትኛው አንድ የክብር ማዕረግ ብዬ ጨቀጨቅኋት። የኮሚሽነሩን ረዳት በስልክ ጠይቃዋለች፤ ጌታው አሲዋጁ መባል ይወዳል ብሏታል። ሰውን ራሱ በሚወደው መጥራት የሥራው ሕግ ነው አለች፤ አፌን አስያዘችኝ።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ማራገቢያው አይሠራም፤ ሁሉም በያዘው ወረቀት ይራገባል። እኔ ከሴቶች ማኅበር ጋር ተቀምጬ መሐረቤን አኝካለሁ። ኢቢሮንኬ ለንጉሡ ተንበርክካ ሰላም አለች። ቀጥላ ወደ እንግዳው ዞረች።

«የሥራና የመንገድ ኮሚሽነራችን፣ ክቡር ኢንጂነር፣ አሲዋጁ...»

ወረቀቱ ሁሉ መራገብ አቆመ። ንጉሡ በእጃቸው የያዙትን የፈረስ ጭራ ጭናቸው ላይ ጣል አደረጉት። ያኔ ነው እኔም የገባኝ፤ በገዛ አገሬ አርጅቼ ያልታየኝ ነገር። አሲዋጁን የሰጡት የኦኬዋሬ ንጉሥ ናቸው፤ በገበያው ቦታ ከእኛ ጋር ዓመት ሙሉ የሚነታረኩት ጎረቤቶቻችን። የእኛ ንጉሥ የሸለሙት ማዕረግ ኦቱንባ ነው። ልጄ በእኛ ንጉሥ ፊት፣ በእኛ አዳራሽ፣ የኦኬዋሬን ስጦታ መርጣ አነሳች። ረዳቱ የሌላ አገር ሰው ነው፣ ምን ያውቃል? እሷ ግን የዚሁ አገር ልጅ ናት።

የንጉሡ ቃል አቀባይ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ልጄ፣ የየት አሲዋጁ?»

ኮሚሽነሩ አንገቱን ሰበረ። አቶ ፋሳንሚ ከመጋረጃው ጥግ በእጁ አንገቱን እየቆረጠ ያሳያታል፤ አቁሚ ማለቱ ይሁን አለቀልሽ ማለቱ አላውቅም። እኔ ልነሳ ስል አጠገቤ ያለችው ሴት ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ።

ኢቢሮንኬ ድምፅ ማጉያውን እንደያዘች እንደገና ለንጉሡ ተንበረከከች።

«ካቢዬሲ፣ ንጉሥ ሆይ፣ አሲዋጁ ጎረቤቶቻችን ያለበሱት ካባ ነው። ሰው ቤቱ ሲገባ የመንገድ ካባውን በር ላይ ይሰቅላል። ቤቱ ገብቷልና በቤቱ ስም ልጥራው፦ የኢላሮኮ ኦቱንባ፣ አዴካንምቢ።»

ከዚያ ዝም አለች። ንጉሡ የፈረስ ጭራቸውን አነሱ፤ ያን ጊዜ ጭብጨባው ጣሪያውን ሊያነሳው ደረሰ። ኮሚሽነሩ ለንግግር ሲቆም ራሱን «የእናንተው ኦቱንባ» ብሎ ጀመረ። ከዚያ በኋላ እሷ «ኦቱንባችን» እያለች ብቻ ጨረሰችው፤ ማንም አላዛጋም።

ተገላገልኩ ብዬ ነበር። በማግስቱ ከሰዓት አቶ ፋሳንሚ ፊቱን አኮማትሮ ቤታችን መጣ። የተወቀጠ ቦዬና የሐብሐብ ፍሬ ወጥ አቀረብኩ፤ አልነካውም። ኢቢሮንኬ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ሥራው ምንም አይልም አለ፤ የአሲዋጁም ነገር ታለፈ አለ። ስለ ቋሚነቱ ግን ማሰብ አለብኝ አለ። ለምን ብንለው ስለ ማራገቢያው አወራ፣ ስለ ወንበሩ አወራ። ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ሄዶ፣ በመጨረሻ በምረቃው ላይ ምስጋና ስታቀርብ ያለችውን አነሳ። «አቶ ፋሳንሚ» ብላዋለች፤ አቶ ብቻ። ከፋሲካ ወዲህ እኮ የቤተ ክርስቲያናችን የምእመናን አባት ተብሎ ተሹሟል።

«ለእኔ ማዕረግ ምኔም አይደለም» አለ። «ስለ ምእመናኑ ብዬ እንጂ።»

አሳጥሪ ያላት እሱ። ማዕረግ አታብዢ ያላት እሱ። ደሜ ፈላ፤ ግን የልጄ እንጀራ በእጁ ነውና ሳህኑን አስጠጋሁለት። ኢቢሮንኬም አይኗን ወደ ጣሪያው ወርውራ መለሰችው። ከዚያ ብድግ ብላ ልክ አዳራሽ ውስጥ እንዳለች ቆመች።

«የምክር ቤታችን የሥነ ሥርዓት ኃላፊ፣ የምእመናን አባት፣ አቶ ፋሳንሚ።»

ዝም አለች። ሰውዬው ትከሻው ቀና አለ። እጁን ታጥቦ ወደ ሳህኑ ቀረበ።

«ሰኞ በሰዓቱ ግቢ» አላት። «ቋሚ ነሽ።»

እኔ ከደስታዬ ብዛት አላስችል አለኝ። እንዳይከፋው፣ እንዳይጎድልበት፣ እንዳይመለስበት ብዬ ወጥ እየጨመርኩለት ጀመርኩ፦ አባታችን፣ መካሪያችን፣ የድሆች መጠለያ፣ የምክር ቤቱ ምሰሶ፣ የመዘምራን ጋሻ፣ የመንደራችን መብራት...

አቶ ፋሳንሚ ጉርሻው አፉ አጠገብ ቀረ። ፊቱ መጀመሪያ በራ፣ ቀጥሎ ተጠራጠረ፣ ከዚያ ጫማውን ማየት ጀመረ። እኔ ግን የት ላይ እንደሚቆም ስላላወቅኩ ቀጠልኩ፦ የወጣቶች አርአያ፣ የባልቴቶች ምርኩዝ...

ኢቢሮንኬ ቦርሳዋን አንስታ አንዴ አየችኝና ከቤት ወጣች።