ማዳም ኮሌት ያልቀመሰችው ናሙና

ሩፈይዳ ከሸቤ ተመልሳ ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው የቡና መጋዘኗ ስትገባ፣ ታናሽ ወንድሟ ሀቢቡላህ የመጋዘኑን ስልክ በሁለት እጁ ይዞ ጆንያ ላይ ተቀምጧል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ሩፊ፣ አለቀልን» አላት። «ማዳም ኮሌት ደርሳብናለች። ይቅርታ ጠይቄ ጽፌላታለሁ።»

ማዳም ኮሌት ፈረንሳይ አገር ቡና ቆልታ የምትሸጥ፣ የሸቤ ገበሬዎችን ቡና ለመግዛት ናሙና ያስላከች ሴት ናት። ሩፈይዳ ጅቡቲ አክስቷ ዘንድ አድጋ ፈረንሳይኛ ስለምታውቅ የምትጻጻፈው እሷ ነች። ሀቢቡላህ ፈረንሳይኛ አይችልም። እንግሊዝኛ ግን ይችላል፣ መቻሉንም ሰው ሁሉ እንዲያውቅለት ይፈልጋል። «ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው፣ ግማሹ ቃል አንድ ነው» ይላል። የሷን መልእክት እንዳይነካ ስንት ጊዜ ለምናዋለች፣ ተቆጥታዋለች፤ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ስልኩን ነጥቃ መልእክቱን አነበበች። ደግማ አነበበች።

«ምን ብላ ነው የደረሰችብን?»

«ይኸው» አለ ጣቱን እየሰደደ። «ዴሴፕሲዮን። ዲሴፕሽን እኮ ማታለል ነው። ‹ናሙናው ምን ዓይነት ማታለል ነው› ትላለች። ቀጥሎ አክቱኤልማ፤ አክቹዋሊ፣ እውነቱን ለመናገር ይሄ ለኔ አይዋጥልኝም ነው ነገሩ። ከዚያ ዲማንድ ታደርጋለች፣ ሌላ አምጡ ብላ ታዛለች። ኤቫንቱኤልማ ደግሞ ኢቨንቹዋሊ ነው፤ በመጨረሻ ጅማ ድረስ እመጣለሁ ብላለች። ወላሂ፣ ከነጠበቃዋ ነው የምትመጣው።»

ሩፈይዳ ዓይኗን ጨፈነች። ለዚህ ሰው ስንት ትዕግሥት ይበቃዋል?

«ላም ባልዋለበት ኩበት ትለቅማለህ» አለችው። «ዴሴፕሲዮን ማታለል አይደለም፣ ቅር መሰኘት ነው። ጥቅሉ መንገድ ላይ ውሃ ገብቶበት ስለደረሰ ቅር ብሏታል። አክቱኤልማ ‹በአሁኑ ጊዜ› ነው፤ ለጊዜው ልቀምሰው አልችልም ነው ያለችው። ዴማንዴ መጠየቅ ነው፤ ሌላ ናሙና ላኩልኝ ብላ ጠየቀች እንጂ አላዘዘችም። ኤቫንቱኤልማ ደግሞ ‹ምናልባት› ነው። ምናልባት ጅማን ላያት እመጣ ይሆናል አለች፣ አበቃ። ሴትየዋ ናሙናውን ጭራሽ አልቀመሰችውም፣ ሀቢብ።»

«አልቀመሰችውም?»

«አልቀመሰችውም። ምንም አልጠረጠረችም።» ከዚያ ከስልኩ ቀና ብላ አየችው። «ቆይ። ይቅርታ የጠየቅካት ስለ ምን ነው?»

ሀቢቡላህ በአገጩ ወደ ስልኩ ጠቆማት። እሷም ጣቷን ወደ ታች አወረደችና በእንግሊዝኛ የጻፈውን አነበበች። የላክሁልሽ የሸቤ ቡና አይደለም፤ ገበሬዎቹ ለናሙና የሰጡኝ የሸቤው ገና በደንብ አልደረቀም ነበር፤ የመላኪያው ቀን ስለደረሰብኝ ከጓደኛዬ ከሙርሺድ መጋዘን ተለቅሞ የተዘጋጀ የአጋሮ ቡና ሞልቼ ላክሁ፤ እህቴ አታውቅም፤ ይቅር በይኝና እባክሽ አትምጪ።

ጥፋተኛ ልብ መዝገበ ቃላት አይገልጥም። ሩፈይዳ ብትጮህ ደስ ባላት፤ ግን በየትኛው ትጩህ፣ በማጭበርበሩ ወይስ ማንም ሳይጠይቀው በመለፍለፉ?

«የመነበቡን ምልክት እይው» አለ ሀቢቡላህ በድንገት ነፍስ ዘርቶ። «ሰማያዊ አልሆነም። አላየችውም። አጥፊው፣ ሩፊ። ከሷም ስልክ ይጠፋል።»

ልክ ነው። አንድ ጣት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ሴትየዋ አታውቅም፣ ሸቤ አያውቅም። የሩፈይዳ ጣት መልእክቱ ላይ አረፈ፣ የማጥፊያው ምርጫም ብቅ አለ።

ዛሬ ጠዋት ሸቤ፣ ሽማግሌው ገበሬ አባ ሶሬሳ ማድረቂያው አልጋ ላይ የተሰጣውን ቡና በመዳፋቸው እያገላበጡ «ቡና ኬኛ ጃለቴ?» ብለዋት ነበር፤ ቡናችንን ወደደችው ወይ ማለታቸው ነው። እሷም እየቀመሰችው ይሆናል፣ ኢንሻአላህ ብላ አስደሰተቻቸው። ያ ውሃ ባይገባበት ኖሮ ማዳም ኮሌት የአጋሮን ቡና ቀምሳ ሸቤን ታመሰግን ነበር። ሩፈይዳም ያንን ምስጋና ተሸክማ ለሽማግሌው ታደርስ ነበር። አፈረች። ፊቷ እስኪግል አፈረች።

«በዕድሜህ አንድ እውነት ጻፍክ፣ እሱንም በስህተት» አለችው። «እሱን አላጠፋልህም።»

ከሥሩ በፈረንሳይኛ ጨመረች፦ ወንድሜ የጻፈው እውነት ነው፤ አላውቅም ነበር፣ ኃላፊነቱ ግን የኔ ነው፤ የሸቤው ሲደርቅ በእጄ አሽጌ እልካለሁ፣ ከፈለግሽው። ላከችው። ሁለቱ ምልክቶች ጥቂት ግራጫ ሆነው ቆዩና ሰማያዊ ሆኑ። መልስ አልመጣም።

«ማል ጎና?» አለ ሀቢቡላህ። ምን እናድርግ ነው።

«ነገ ሸቤ ትሄዳለህ። አባ ሶሬሳ ቡናችንን ወደደችው ወይ ብለው ይጠይቁሃል።»

«ምን ልበላቸው?»

«በኦሮምኛ ነው የሚጠይቁህ» አለች፣ ስልኩን ኪሷ እየከተተች። «ያንተው ቋንቋ ነው። አስተርጓሚ አያስፈልግህም።»