ከሐሰት ካርድ ጋር የተሸጠው ቦርሳ

አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለቻት ትንሽ አጉሊ መስታወት ከሥራ ሰዓት ውጭም ስለማትወርድ ሰው ሁሉ «ማጉያ» ይላታል። ከታናሽ ወንድሟ ጋር ያገለገሉ ውድ ቦርሳዎች የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። እሱ ፊት ለፊት ቆሞ ደንበኛ ያስተናግዳል፤ እሷ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ነጭ መብራት ሥር፣ የመጣውን ዕቃ ትመረምራለች። ማጉያ «ትክክለኛ ነው» ያለችው ዕቃ አንድም ቀን ተመልሶ አልመጣባቸውም። ይህን ወንድሟ ለገዢው ሁሉ ያወራል፤ እሷ ስትሰማው ቀና ትላለች እንጂ አታፍርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እናትና ልጅ ገቡ። እናትየው ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የአመልካች ጣታቸው ጫፍ በመርፌ ብዛት ደድሯል። ልጅየዋ ባንክ ትሠራለች። ወንድምየው ከመጋረጃው ጀርባ፣ ማጉያ ዘንድ አስገባቸው። ልጅየዋ የጨርቅ ከረጢት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ከውስጡ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ አወጣች። አወጣጧ የሰው ዕቃ የያዘች ያስመስላት ነበር።

«እናቴ ናት የገዛችልኝ፣ ሹመት ያገኘሁ ጊዜ» አለች። «መሥሪያ ቤት አንዷ አብሮት ያለውን የእውነተኛነት ካርድ አይታ ፎርጅድ ነው አለችኝ። ከዚያ ወዲህ አልያዝኩትም።»

«ቁም ሣጥን ውስጥ ደብቃው አገኘሁት» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር። «ተታልዬ ከሆነ እሱን እዚሁ ፊቴ ላይ ንገሩኝ። በሹክሹክታ አልፈልግም።»

ወንድምየው ቦርሳውን ሳይሆን አብሮት የመጣውን ካርድ ነበር ያነሳው። ገልበጥ አድርጎ አየና ለእህቱ አቀበላት። ፊቱን አይታ ምን ሊል እንደሆነ ገባት። ሱቁ ደንብ አለው፤ ካርዱ ሐሰተኛ የሆነ ዕቃ ሳይመረመር ይመለሳል። ደንቡን ያወጣችው ደግሞ ራሷ ናት።

ማጉያ መስታወቷን ዓይኗ ላይ አድርጋ ካርዱ ላይ አጎነበሰች።

«ይምጡ እናቴ፣ እርስዎም ይዩት» አለች። «ይቺ ወርቃማ ጽሑፍ ከሩቅ ወርቅ ትመስላለች አይደል? ቀረብ ብለው ይዩዋት።»

ሴትየዋ መስታወቱን ተቀብለው ብዙ ቆዩ። «ነጠብጣብ ነው» አሉ። «ቢጫ፣ ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ።»

«አዎ። እውነተኛው ወርቃማ ቅብ በጋለ ብረት ተጭኖ ነው የሚለጠፈው። ያበራል፤ ጥፍር ሲያልፍበት ጎድጎድ ይላል። ይሄ ግን በተራ የቀለም ማተሚያ የወጣ ነው፤ የወርቅ ቀለም ስለሌለው ሌሎች ቀለሞችን በነጠብጣብ እየደባለቀ ወርቅ ሊያስመስል ይሞክራል። ጠርዙንም ይዩት፤ የተቆረጠበት ቢላ ስለደነዘ ወረቀቱ ተሸርክቷል። አንዱ ማዕዘን ክብ ነው፣ ሌላው ሹል።»

«ጽሑፉስ?» አለች ልጅየዋ። ሳታስበው ጠጋ ብላ ነበር።

«ጽሑፉማ ራሱን ያጋልጣል። ርዕሱ ላይ አንድ ፊደል ጎድሏል። መቶ በመቶ፣ ኦሪጅናል፣ ዋስትና ያለው እያለ አንዱን ነገር ሦስት ጊዜ ይምላል። ካርዱ ላይ ያለው ቁጥር ደግሞ ቦርሳው ውስጥ ከታተመው ጋር አይገናኝም።» ከመሳቢያዋ የብስኩት ቆርቆሮ አውጥታ ባለፉት ዓመታት ከያዘቻቸው ሐሰተኛ ካርዶች መካከል አንዱን መዘዘች። ቃሉ ያው፣ የጎደለው ፊደል ያው፣ ቁጥሩም ያው ነበር። «ይሄኛው የመጣው ከጥቁር የትከሻ ቦርሳ ጋር ነው። አንድ ቁጥር ሁለት ቦርሳ ላይ አይሆንም። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይሄን ቦርሳ የሚሠራው ድርጅት የእውነተኛነት ካርድ የሚባል ነገር አይሰጥም። የሚሰጠው ስለ ቆዳው አያያዝ የምትነግር ትንሽ መጽሐፍ ብቻ ነው።»

ልጅየዋ ቦርሳውን ወደ ከረጢቱ መመለስ ጀመረች። እናትየው ግን ቦታቸውን አልለቀቁም።

«እኔ ካርዱን አላነበብኩትም» አሉ። «ስፌቱን ነው ያየሁት።»

ማጉያ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ እጇን ዘርግታ ከረጢቱን ወደ ራሷ ሳበችው።

«እቴቴ» አለ ወንድሟ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ደንቡስ?»

«ደንቡን እኔ ነኝ ያወጣሁት። የውሸት የልደት ካርድ የያዘ ልጅ አልተወለደም አይባልም። ያንን ከመስኮቱ ያለውን አውርድልኝ።»

ሳያንገራግር ሄዶ ማሳያው ላይ የተቀመጠውን፣ እሷ ራሷ የመረመረችውን ተመሳሳይ ሞዴል አመጣላት። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጠችና ሥራዋን ጀመረች። ጠርዙን፣ ገበሩን፣ ዚፑን፣ የእጀታውን መጋጠሚያ በየተራ አየች። ውስጥ በቆዳው ላይ የተጫነውን ስም ፊደል በፊደል አነጻጸረች፤ በፊደላቱ መካከል ያለው ክፍተት ሳይቀር አንድ ነበር። የቁጥሩ አጻጻፍ ሞዴሉ ከተሠራበት ዘመን ጋር ይሄዳል። ብረቱ ላይ የተቀረጸው ጽሑፍ ጥርት ያለ ነው። አፍንጫዋን አስጠግታ አሸተተችው፤ ቆዳ ቆዳ እንጂ ሙጫ ሙጫ አይልም። ስፌቱ ጋ ስትደርስ ቆም አለች።

«ምኑን ነበር ያዩት?» ብላ ጠየቀች።

ሴትየዋ በደደረው ጣታቸው ጠርዙን ተከትለው ሄዱ። «እያንዳንዱ ስፌት እኩል ዘመም ይላል። መታጠፊያው ላይ እንኳ አልጠበቀም፣ አልላላም። ክሩን በሰም ነው ያሹት። ይሄን የሰፋ ሰው አልተጣደፈም። አርባ ዓመት ሰፍቻለሁ፣ እንዲህ የሚሰፋ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። ለልጄ ይገባታል ብዬ ገዛሁት።»

ማጉያ መስታወቷን ከዓይኗ አወረደች። እንዲህ ያለውን ቃል ለመናገር ምን ያህል እንደሚከብዳት ወንድሟ ያውቃል፤ ከተሳሳተች የሱቁ ስም አብሮ ይወድቃል። ግን ድምፅዋ አልተወላወለም።

«ካርዱ ሐሰተኛ ነው። ቦርሳው ትክክለኛ ነው። ይሄን ፈርሜ እሰጣችኋለሁ።»

«እንዴት ሊሆን ይችላል?» አለች ልጅየዋ።

እናትየው ስልካቸውን አውጥተው ቦርሳውን ለሸጠችላቸው ሴት ደወሉ፤ ሁሉም እንዲሰማም ድምፁን ከፍ አደረጉት። «አንቺ ልጅ፣ ለጠብ አይደለም የደወልኩት። ያ ካርድ ከየት የመጣ ነው?»

ሻጯ አልካደችም። «እማማ፣ ቦርሳው ንጹሕ ነው፤ ብዙ ዓመት የሠራሁላት ሴት ናት የሰጠችኝ። ያለ ካርድ ሳወጣው ሰው ሁሉ ‹ካርዱስ?› እያለ ጥሎኝ ይሄዳል። አንድ ካርድ የሚያትም ሰው አለ አሉኝ፣ ከእሱ ገዛሁ። እርስዎ እኮ ካርዱን ሳይጠይቁኝ ነው የገዙኝ። አብሮ ስለነበረ ነው የሰጠሁዎት።»

«በይ ሁለተኛ እንዳትገዢ» አሉ ሴትየዋ። «ደህናውን ዕቃሽን ነው ያሰደብሽው።» ስልኩን ዘጉና ልጃቸውን አዩ።

ልጅየዋ ዓይኗን ቦርሳው ላይ ተክላ ነበር። «እማ፣ ልጠይቅሽ ይገባ ነበር» አለች። «የመሥሪያ ቤቷን ልጅ አመንኳት እንጂ አንቺን አልጠየቅኩሽም።»

«አሁን ጠየቅሽ አይደል።»

ማጉያ ያየችውን ሁሉ በሱቁ ወረቀት ላይ ጻፈች፤ ቆዳውን፣ ማኅተሙን፣ ቁጥሩን፣ ስፌቱን፣ ካርዱ የድርጅቱ እንዳልሆነም ጭምር። ፈረመችበት። ከዚያ ትንሽ አሰበችና ወረቀቱን ወደ እናትየው ገፋ አደረገችው።

«ስፌቱን በሚመለከት እርስዎም ይፈርሙ። ከእኔ በፊት ያዩት እርስዎ ነዎት።»

ሴትየዋ ሳቁ። እስክሪብቶውን ግን ተቀበሉ፤ ስማቸውን በትልልቁ፣ ፊደሉን ሳያጣብቡ ጻፉ። ካርዱን ለብስኩት ቆርቆሮው ተዉላት።

ወንድምየው በሩን ሲከፍትላቸው ልጅየዋ ባዶውን የጨርቅ ከረጢት አጣጥፋ በእጇ ይዛ፣ ቦርሳውን ትከሻዋ ላይ አንግታ ነበር። እናትየው ከጎኗ አንገታቸውን ቀና አድርገው ይራመዳሉ። ማጉያ ከመጋረጃው ጀርባ ወጥታ መንገዱን እስኪሻገሩ ድረስ አየቻቸው። ልጅየዋ መሐል መንገድ ላይ አንድ ነገር ስትናገርና እናትየው እጀታውን ይዘው ስፌቱን ሲያሳዩዋት አየች።

«ደንቡን እንቀይረው?» አለ ወንድሟ።

«እንቀይረው» አለች። «ካርዱን እንየው፣ ግን ዕቃውን ሳናይ አንመልስ።» ወደ መብራቷ ተመለሰችና ተራው የደረሰውን ቦርሳ አነሳች።